ሰፊ ፎቶ መሃሉን ቆርጦ ሁለት ሰው ማቀራረብ፦ ተራራው ላይ ደረጃ ሰራብኝ

ሐይቅ ዳር
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ። አያቴና ታናሽ እህታቸው ሐይቅ ዳር ጠዋት ላይ የተነሱት ፎቶ አለኝ፣ የአጎቴ ልጅ በካሜራ ነው ያነሳው፣ 6000 በ 4000 ፒክስል ነው። እሳቸው ወደ ግራ እህታቸው ወደ ቀኝ ቆመው መሃላቸው ሌላ ሶስት ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ አለ። ቤተሰቡ 10 በ 8 ኢንች አሳጥቦ ሳሎን ሊሰቅለው ፈልጓል፣ እንዳለ ካሳጠብነው ሁለቱም ትንንሽ ይሆናሉ፣ ክሮፕ ካደረግኩት ደግሞ አንዳቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ከመሃል 1500 ፒክስል ስፋት ያለው ቁራጭ አውጥቼ ቀኙን ግማሽ ወደ ግራ ገፋሁት። ሰዎቹ በጣም ቆንጆ ሆኑ ግን ተራራው መሃል ላይ ደረጃ ሰራ፣ ማዶ ያለው የውሃው ዳርቻ ከቀኝ በኩል ወደ 18 ፒክስል ዝቅ ብሏል፣ ሰማዩም ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ይታያል። ፎቶሾፕ ነው የምጠቀመው። ምን ላድርግ?

የጦሳ ልጅ
አብሽር ቀላል ነው። የቀኙን ሌየር ምረጥና V ተጫን፣ ከዛ ወደ ላይ ቀስቷን እየተጫንክ 18 ፒክስል ከፍ አድርገው፣ ሺፍት ይዘህ ከተጫንክ 10 10 ነው የሚሄድልህ። ዳርቻው ሲገጥም መጋጠሚያውን በለስላሳ ላጲስ ደምሰስ ደምሰስ አድርገው፣ አለቀ።

ወልድያ ልጅ
ክሮፕ ብቻ አድርገው እኮ ወንድሜ፣ 10 በ 8 የሚል ሬሾ አለ እዛው ክሮፕ ውስጥ፣ ለምን ትደክማለህ

ሐይቅ ዳር
@ወልድያ ልጅ ክሮፕ ካደረግኩት ከሁለቱ አንዳቸው ይቆረጣሉ፣ መሃሉ ነው መጥበብ ያለበት።

@የጦሳ ልጅ ሞከርኩት አመሰግናለሁ። የማዶው ዳርቻ ገጠመ ግን አሁን ደግሞ የቆሙበት መሬት ተበላሸ፣ ቅድም ከሞላ ጎደል ደህና የነበረው የዚህኛው ዳር ድንጋይ ተዛነፈና የአያቴ እህት ከፍ ብለው የቆሙ መሰሉ። ላጲሱን ሳሳልፍበት ደግሞ የተራራው ጫፍ ሁለት ሆኖ አንዱ ከአንዱ ኋላ እንደ ጥላ ይታያል።

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
ሰላም። ይሄን ስራ ሰርግ ፎቶ ላይ ብዙ ጊዜ እንሰራዋለን፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ስለ 18 ፒክስሉ። የጦሳ ልጅ ያለህ ካሜራው ሲነሳ ዘንበል ብሎ ከነበረ ይሰራል። አንድ ዲግሪ ያዘነበለ ፎቶ ላይ 1500 ፒክስል ወደ ጎን ስትገፋ ወደ 26 ፒክስል ደረጃ ይፈጠራል፣ ግን እንደዛ ከሆነ ደረጃው ማዶም እዚህም እኩል ነው የሚሆነው፣ አንድ ላይ ታነሳዋለህ አንድ ላይ ይገጥማል። ያንተ ግን ማዶ 18 ሆኖ እግራቸው ስር ምንም አልነበረም ካልክ ካሜራው ቀጥ ብሎ ነበር ማለት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የሐይቅ ዳርቻ አድማስ አይደለም፣ ወደ ውስጥ ይገባል ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወዳንተ የቀረበው ዳርቻ ፎቶ ላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው የራቀው ከፍ ብሎ። እርግጠኛ ለመሆን ውሃውን ተጠቀም። ጠዋት ነው ስላልክ ውሃው ረጋ ብሎ ተራራው ይታይበት ይሆናል። የተራራውን ጫፍና ውሃው ላይ ያለውን ያንኑ ጫፍ ፈልግና ከላይኛው ወደ ታችኛው ጋይድ አውርድ። አንዱ ከሌላው በትክክል ስር ካለ ካሜራው ቀጥ ነው፣ ወደ ጎን ከሸሸ ዘንበል ብሏል። ዳርቻው ላይ ሩለር አድርገህ እንዳታስተካክል፣ ያልተጣመመ ፎቶ ታጣምማለህ።

ሁለተኛው፣ ፎቶውን አትቁረጠው። ቁርጥ ስታደርግ መጋጠሚያህ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይወሰናል፣ ቀጥ ያለ መስመር ደግሞ ሰማይንም ተራራንም ውሃንም ድንጋይንም በአንድ ቦታ እንዲገጥሙ ይጠይቃል፣ እንደዛ የሚሆንበት ቦታ አታገኝም። ሙሉውን ፎቶ Ctrl+J አድርገህ ግልባጩን ከላይ አስቀምጥ፣ ያንን ግልባጭ 1500 ፒክስል ወደ ግራ ውሰደው፣ Ctrl+T ብለህ ከላይ X አጠገብ ያለችውን ሶስት ማዕዘን ተጭነህ -1500 px ጻፍ። አሁን ሁለት ሙሉ ፎቶ ተደራርቦልሃል፣ ታችኛው ላይ አያትህ አሉ ላይኛው ላይ እህታቸው። የላይኛውን ኦፓሲቲ 50 አድርገውና ተራራውን ብቻ ተመልከት። ሁለት የተራራ ጫፍ መስመር ታያለህ፣ አንዱ የታችኛው አንዱ የላይኛው፣ እነዚህ መስመሮች የሆነ ቦታ ላይ ይቋረጣሉ። እዛ ላይ ነው ተራራውን የምትሰፋው። እዛ ነጥብ ላይ የሁለቱም ከፍታ አንድ ስለሆነ ደረጃ አይኖርም፣ አንዱ እየወረደ ሌላው እየወጣ ቢሆን እንኳ ሸለቆ ይመስላል፣ ተራራ ደግሞ ሸለቆ አለው።

ከዛ ኦፓሲቲውን 100 መልሰህ ላይኛው ሌየር ላይ ማስክ ጨምርና ከመስፊያው ግራ ያለውን በጥቁር ብሩሽ ቀባ። ላጲስ አትጠቀም፣ ማስክ ላይ ስትሳሳት በነጭ ትመልሰዋለህ። ብሩሹን እንደ ቦታው ቀያይረው፣ ሰማይ ላይ 500 ፒክስል የሆነ ለስላሳ፣ ተራራው ጫፍና ድንጋይ ላይ ትንሽና ጠጠር ያለ። ጫፉ ሁለት ሆኖ የታየህ ለስላሳ ላጲስ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ስላሳየህ ነው።

ማዶው ዳርቻ ላይ 18ቷ ፒክስል እንዳለች ነው፣ እሷን መደበቂያ ፈልግላት። ከፊት ለፊት ቁጥቋጦ ወይ ቄጠማ ወይ ሰው ዳርቻውን የሚሸፍንበት ቦታ ካለ መስፊያው በሱ ኋላ ይለፍ።

ዘሀራ ከሚሴ
ማሻአላህ ጋሽ ሰዒድ እንዴት አርገው እንዳስረዱት። እኔም የገባሁበት አለ፣ የእናቴ ሱቅ በር ላይ የተነሳነው ፎቶ ነው፣ እኔና እህቴ ከበሩ ግራና ቀኝ ሆነን፣ ግን ኋላችን የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። በስልክ ነው የምሰራው Photopea በብሮውዘር ከፍቼ። ስገፋው ቆርቆሮው ላይ አንዷ ሞገድ ወይ ቀጭን ትሆናለች ወይ በጣም ወፍራም፣ ዓይን ውስጥ ትገባለች

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
@ዘሀራ ያንቺ ተራራ ስላልሆነ መግፊያሽን እንደፈለግሽ መምረጥ አትችይም፣ ቆርቆሮው ነው የሚመርጥልሽ። ከአንዷ ሞገድ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ ስንት ፒክስል እንደሆነ ለኪ፣ አንዷን ብቻ ሳይሆን አስሯን ለክተሽ ለአስር አካፍዪ። 46 ከመጣልሽ የምትገፊው የ46 ብዜት መሆን አለበት፣ 1500 ሳይሆን 1518፣ ሰላሳ ሶስት ሞገድ ሙሉ በሙሉ ወጣ ማለት ነው። መጋጠሚያውን ሞገዱ ጥቁር ጥላ የሚሰራበት ጎድጓዳ ላይ አድርጊው።

ዘሀራ ከሚሴ
ለካሁት፣ በግራ በኩል 52 አካባቢ ነው በቀኝ ግን 41 ነው የሚመጣው 😔 ያነሳን ልጅ ትንሽ ከጎን ቆሞ ነበር መሰለኝ

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
እንግዲህ ግድግዳው ከጎን ከተነሳ እየራቀ እየጠበበ ነው የሚሄደው፣ ምንም ያህል ብትገፊው 52ቷ አጠገብ 41 ትመጣለች። መጀመሪያ ፐርስፔክቲቩን አቅንተሽ ግድግዳውን ፊት ለፊት እንደተነሳ ማድረግ ትችያለሽ፣ ግን እናንተም አብራችሁ ትለጠጣላችሁ፣ በተለይ የራቀችው ትሰፋለች። እንዲህ አይነት ፎቶ ላይ ትንሽ ብቻ ማቀራረብ ነው የሚሻለው ወይ መሃል ያለውን በር መጠቀም ነው፣ መጋጠሚያው በሩ ጨለማ ውስጥ ከገባ ሞገድ ከሞገድ አይነካካም። በሩ ይታያል?

ዘሀራ ከሚሴ
ክፍት ነው ውስጡ ጨለማ ነው ግን እናቴ ውስጥ ተቀምጣለች ትታያለች፣ እሷን ማውጣት አልፈልግም

ወልድያ ልጅ
አሁን ገባኝ ጥያቄው። ታዲያ Content-Aware Scale አለ እኮ፣ Edit ውስጥ፣ ሰዎቹን በሴሌክሽን ሴቭ አርገህ Protect ላይ ትመርጣቸዋለህ ከዛ ከጎን ትገፋዋለህ፣ ሰው ሳይነካ መሃሉን ራሱ ያጠበዋል። እኔ ባዶ ሜዳ ላይ የተነሳ ፎቶ ላይ ሞክሬው ምንም አይታወቅም።

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
@ወልድያ ልጅ ሜዳና ሰማይ ላይ ጎበዝ ነው እውነትህን ነው። እሱ የሚሰራው ከላይ እስከ ታች ጠመዝማዛ ቀጭን መስመር እየፈለገ፣ ብዙ ነገር የሌለበትን መርጦ አንድ አንድ ፒክስል በማውጣት ነው፣ ዘዴውን አቪዳንና ሻሚር የሚባሉ ሰዎች በ2007 ያወጡት ነው፣ ፎቶሾፕ CS4 ላይ ገባ። ግን እዚህ ከ6000ው 1500 ነው የሚወጣው፣ ሩቡ ማለት ነው። ያን ያህል ሲወጣ ከሰማዩና ከውሃው ብቻ አይወስድም፣ ከተራራውም ይወስዳል፣ ተራራው ቀጭንና ሹል ይሆናል፣ ዳርቻውም ይንቀጠቀጣል። ማስክ ላይ ግን ሁለቱም ወገን የተራራው ቅርፅ እንደተፈጥሮው ነው የሚቀረው፣ የሚጎድለው መሃሉ ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር
ጋሽ ሰዒድ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃውን አየሁት፣ የተራራው ጫፍና ውሃው ላይ ያለው ጫፍ አንድ ጋይድ ላይ ነው ያሉት፣ ካሜራው ቀጥ ነበር እንዳሉት። 50 ላይ አድርጌ ሳየው የተራራው መስመሮች ሁለት ቦታ ይቋረጣሉ፣ አንዱ 1900 አካባቢ ነው ለአያቴ ትከሻ በጣም ቀረበ፣ ሌላው 2550 ላይ ነው። 2550ውን ያዝኩ። ቄጠማም አለ፣ 2300 አካባቢ ረዘም ብሎ ማዶውን ዳርቻ ይሸፍናል። ስለዚህ ማስኩን ሰማዩንና ተራራውን በ2550፣ ከዛ ተራራው ሆድ ላይ ወደ ግራ ሰያፍ አወረድኩትና ቄጠማው ጋ ገብቶ በቄጠማው ኋላ እስከ ታች ድረስ። አሁን በጣም አሪፍ ሆነ፣ የዳርቻው ደረጃ ጠፋ። ሰማዩ ላይ ብቻ የቀኙ በኩል ትንሽ ነጣ ብሏል።

የጦሳ ልጅ
ዋው ይሄ ሌላ ነገር ነው። ግን ቆይ፣ ውሃውን እዩት እስኪ ከቄጠማው በስተቀኝ። ከላይ ተራራው ወደ ታች እየወረደ ነው፣ ውሃው ላይ ያለው መልኩ ግን ተገልብጦ ወደ ላይ መውጣት ሲገባው እሱም ወደ ታች እየወረደ ነው። ወይስ ለኔ ብቻ ነው?

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
@የጦሳ ልጅ ጎበዝ፣ ዓይንህ ጥሩ ነው፣ እኔም እሱን ልጽፍ ነበር። ሐይቅ ዳር ስማኝ፣ ከ2300 እስከ 2550 ባለው ቦታ ላይ ከላይ ያለው ተራራ የታችኛው ሌየር ነው፣ ውሃው ላይ ያለው ግን የላይኛው ሌየር ነው፣ ስለዚህ ተራራውና በውሃው ላይ ያለው መልኩ የሁለት የተለያየ ቦታ ናቸው። ውሃ ላይ ያለ ተራራ የሚሰፋው ተራራው ራሱ በተሰፋበት ልክ ነው፣ ከላይ 2550 ከሆነ ከታችም 2550። ስለዚህ መስመርህ ከ2550 ተነስቶ ዳርቻው ላይ ወደ 2300 ቄጠማው ጋ ይገባል፣ ከዳርቻው በታች ደግሞ ተመልሶ ወደ 2550 ይወጣል፣ የላይኛው ሰያፍ ውሃው ላይ ተገልብጦ ማለት ነው። እዛች ውሃ ላይ ማስኩን በጥቁር ቀባ፣ የቄጠማው ጠርዝ ላይ ግን 5 ወይ 6 ፒክስል በሆነ ጠጠር ብሩሽ ሂድ፣ አለበለዚያ የቄጠማው ጫፎች ይበላሉ። ውሃው ላይ ከተራራው መልክ በታች ያለውን ባዶ ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ብታልፈው ምንም አይልም፣ ሞገድ ስለሌለው።

ሰማዩን በተመለከተ፣ ሌንሱ ጠርዝ ላይ ያጨልማል፣ ከመሃል ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ላይ ብትሰፋ ብርሃኑ ራሱ ይገጥም ነበር። ያንተ መስፊያ ከታችኛው 2550 ከላይኛው ደግሞ በዋናው ፎቶ 4050 ላይ ነው የሚውለው፣ የፎቶው መሃል 3000 ስለሆነ ግራው 450 ብቻ ነው የራቀው ቀኙ 1050። በዚህ ስሌት ከሆነ ቀኙ መጨለም ነበረበት፣ ያንተ ግን ነጥቷል ካልክ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ናት ማለት ነው። ሌየሩን በሙሉ አታጨልመው የሴትየዋ ፊት አብሮ ይጨልማል። ከላይኛው ሌየር በላይ Curves ጨምርና Alt ይዘህ በሁለቱ ሌየር መሃል ጠቅ አድርግ ለሱ ብቻ እንዲሰራ፣ ሰማዩ መስፊያው ላይ እስኪገጥም ዝቅ አድርገው፣ ከዛ የCurvesዋ ማስክ ላይ ከመስፊያው ወደ ቀኝ እየጠፋ የሚሄድ ግራዲየንት ሳብና ከሰማዩ በታች ያለውን በጥቁር ሸፍን።

መምህር ከላሊበላ
ስራውን አደንቃለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልናገር። በ1982 የካቲት እትሙ ላይ ናሽናል ጂኦግራፊክ የጊዛን ፒራሚዶች በአግድም የተነሳ ፎቶ ለቁም ሽፋኑ እንዲበቃው ብሎ በኮምፒውተር አቀራርቧቸው ነበር፣ ያኔ ፎቶሾፕ ገና አልተሰራም። እስከ ዛሬ ድረስ የፎቶ ሥነ ምግባር ሲነሳ እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል። ያንተም ፎቶ ላይ የወጣው 1500 ፒክስል ውስጥ ምን ነበረ? ሐይቅ ከሆነ የእስጢፋኖስ ገዳም በኩል እንዳይሆን። የሐይቅ ሰው ያን ተራራና ያን ዳርቻ በቃሉ ያውቀዋል፣ ሳሎን ገብቶ ሲያየው ይሄ ቦታ የት ነው ይላል።

ሐይቅ ዳር
@መምህር ገዳሙ ከፎቶው ውጭ ነው፣ የወጣው ተራራውና ማዶ ያሉ ጥቂት ዛፎች ናቸው። አያቴን አሳየኋቸው፣ "ጎን ለጎን መቆም ነበረብን፣ እሱ ልጅ ነው ራቁ ራቁ ያለን" ነው ያሉት።

መምህር ከላሊበላ
ባለቤቶቹ ካወቁ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዋናውን ፎቶ ከነሙሉ ስፋቱ አብራችሁ አስቀምጡ ባይ ነኝ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ዳርቻው የት ድረስ እንደነበር የሚፈልግ ሰው ይመጣል፣ የሐይቅ ውሃ እንዳለ አይኖርም።

የጦሳ ልጅ
እኔ እዚህ ላይ ከመምህር ጋር አልስማማም፣ የቤተሰብ ፎቶ እኮ ነው ጋዜጣ አይደለም፣ ሰርግ ላይ ስንት ነገር ነው የሚነካካው

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
ለዜና ወይ ለማስረጃ የሚሆን ፎቶ ከሆነ አልሰራም፣ ለቤተሰብ እሰራለሁ፣ የኔ መስመር እሱ ነው። ዋናውን ማስቀመጥ ላይ ግን መምህር ትክክል ነው፣ PSDውን ከነሁለቱ ሌየር ሴቭ አድርገው፣ ታችኛው ሌየር ዋናው ፎቶ ሳይነካ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ስትክሮፕ ታዲያ ዋናው እንዳይቆረጥብህ Delete Cropped Pixels የሚለውን ምልክት አጥፋ። ከግራ 4500 ፒክስል ይቀርሃል፣ ቁመቱን ከ4000 ወደ 3600 ካወረድከው ልክ 10 በ 8 ነው። 400ውን ከሰማዩ ውሰድ፣ ከእግራቸው አትውሰድ።

አንድ የቀረኝ ነገር፣ በስንት ሌንስ ነው የተነሳው? በ18 ከሆነ ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ወደ ጎን ለጠጥ ይላል፣ ጠርዝ ላይ እያለ ዓይን ያልፈዋል፣ መሃል ስታመጣው ግን ፊቱ ሰፍቶ ይታያል።

ሐይቅ ዳር
ፋይሉ 24 ይላል። የአያቴ እህት ትንሽ ወፈር ብለው የታዩኝ ለዛ ነው እንዴ? የውሃውን ማስክ ግን አስተካከልኩት፣ አሁን ከላይም ከታችም አንድ ነው። ሰማዩም በCurvesዋ ገጠመ፣ ግራዲየንቱን ረዘም ሳደርገው ነው የጠፋው።

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
በ24 ትንሽ ነው የሚለጠጠው ግን አለ። እሳቸውን ብቻ ለይተህ ስፋታቸውን 97 በመቶ ማድረግ ይቻላል፣ ጠርዛቸው ላይ ያለው ቄጠማና ድንጋይ ግን እንደገና ማስክ ይፈልጋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ 10 በ 8 አንድ አሳጥቤ ሰው ሳልነግረው አሳየው ነበር፣ ሰው ካላየው አልነካውም።

ዘሀራ ከሚሴ
ጋሽ ሰዒድ የኔን አልረሱትም አይደል፣ በሩን ሳልነካ ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ግድግዳ ብቻ ባጠብስ? እዛ ጋ ለካሁት 44፣ 43፣ 42 እያለ ነው የሚሄደው

ሰዒድ ፎቶ ደሴ
እሱ ይሻላል፣ አንድ ሞገድ ብቻ፣ 43ቷን፣ አውጪና 44ቷን ከ42ቷ ጋር አጋጥሚያት፣ ሁለት ፒክስል ዓይን አያገኛትም። ከአንድ በላይ ስታወጪ ከየት ጀምሮ እንደሚታይ ሞክረሽ ላኪልኝ፣ የቆርቆሮው የላይኛው ጠርዝ ሰያፍ ከሆነ እዛ ላይ ደረጃ ሊሰራብሽ ይችላል።

ዘሀራ ከሚሴ
ሰያፍ ነው 😅 ማታ ሞክሬ እለጥፈዋለሁ